ከ10 ሚሊ ግራም ወደ ዜሮ፦ የድባቴ መድኃኒት ሲቋረጥ የመጨረሻው እርከን ለምን ይከብዳል?

ጥያቄ፦ «ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የ34 ዓመት ሴት ታካሚዬ ለድባቴ ሲታሎፕራም 20 ሚሊ ግራም ለሁለት ዓመት ተኩል ወስዳለች። ከዓመት በላይ ደህና ስለሆነች ለሁለት ሳምንት ወደ 10 ዝቅ አድርጌ አቆምኩላት። ካቆመች በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ታለቅሳለች፣ እንቅልፍ የላትም፣ ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ‹ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል› ትላለች። አገረሸባት ማለት ነው? መድኃኒቱን መልሼ ልጀምርላት? ከዚያስ እንዴት ነው የማቆመው? ለእሷስ ምን ልበላት?»

የባለሙያ ምላሽ፦

ዶክተር፣ ከጻፉልኝ ውስጥ ከሁሉም በላይ የረዳኝ «በአራተኛው ቀን» የሚለው ነው። ድባቴ እንዲህ በቀን ተቆጥሮ አይመለስም። ሲያገረሽ ቀስ ብሎ ነው፤ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይወስዳል። መጀመሪያ ሰውየው ከሚወደው ነገር ይርቃል። ከዚያ እንቅልፉና ምግቡ ይዛባል። ከዚያ ተስፋው እየሳሳ ይሄዳል። ታካሚዎ ግን የታመመችው መድኃኒቱ ከደሟ እየወጣ ሳለ ነው። የሲታሎፕራም ግማሽ ዕድሜ አንድ ቀን ተኩል ያህል ነው። ማለትም በየአንድ ቀን ተኩሉ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይወርዳል። በአራተኛው ቀን የቀራት ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ምልክቱ የመጣውም ልክ እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ ኤሌክትሪኩ ነው። ይህን ድባቴ አያመጣውም። ጭንቅላት ውስጥ ብልጭ የሚል፣ ከሰከንድ ያነሰ ንዝረት ነው። ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ለመናገር ያፍራሉ፤ «አበደች ይሉኛል» ብለው ይፈራሉ። አንድ ጥያቄ ልጠቁምዎ፦ «ዓይንሽን በፍጥነት ወደ ጎን ስታዞሪ ይብስብሻል?» ብለው ይጠይቋት። አንዲት ታካሚዬ ይህን ስጠይቃት ደንግጣ ቀና አለች። መንገድ ስትሻገር መኪና ለማየት ግራና ቀኝ ስትመለከት ሁለቴ ሦስቴ ብልጭ ይልባት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። የጭንቅላት ዕጢ ይዞኛል ብላ አምና ነበር።

ማዞሩና ማቅለሽለሹም ወደዚያው ያመለክታሉ። ሌሎችም አብረው ይመጣሉ፦ ጉንፋን የያዘው ሰው ዓይነት ስሜት፣ ላብ፣ ቁልጭ ያለ ቅዠት፣ ቁጣ ቁጣ ማለት፣ ያለ ምክንያት ድንገት ማልቀስ። ለቅሶውን በተመለከተ «ሕመምሽ በነበረበት ጊዜ የምታለቅሺው እንዲህ ነበር?» ብለው ይጠይቋት። ድባቴን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ራሱ ይነግርዎታል። ብዙዎች «ያኔ ተስፋ አልነበረኝም፤ አሁን ግን አላዘንኩም፣ እንባው ብቻ ነው የሚመጣው» ይላሉ።

ስለዚህ ይህ ማገርሸት አይመስለኝም። የመቋረጥ ምልክት ነው። እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ፓሮክሴቲን ያቆመ አንድ ሰው በሳምንቱ እያለቀሰና እየተንቀጠቀጠ መጣ። «አገረሸብህ» አልኩት። መድኃኒቱን መለስኩለት፣ መጠኑንም ጨመርኩ። «ያለዚህ መኖር አትችልም» የሚል ነገርም ተናገርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስንነጋገር «እሱማ የመጀመሪያዋን ክኒን በዋጥኩ በማግሥቱ ነው የለቀቀኝ» አለኝ። ቃሉ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የድባቴ መድኃኒት ድባቴን በአንድ ቀን አያድንም። ሳምንታት ይፈልጋል። በአንድ ሁለት ቀን የጠፋ ነገር መጀመሪያውኑም ድባቴ አልነበረም። እኔ ግን በዚያ ስህተት አንድን ሰው ለዓመታት የዕድሜ ልክ ታካሚ አድርጌዋለሁ።

ይህ ሦስተኛውን ፍንጭ ይሰጠናል፤ ሕክምናውም እሱው ነው። መድኃኒቱን ይመልሱላት። የመቋረጥ ምልክት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ በግልጽ ይቀንሳል። ሳምንት አልፎም ምንም ለውጥ ከሌለ ያኔ ሐሳባችንን እንቀይራለን፤ እውነተኛ ማገርሸት ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜ እንዳለም አይዘንጉ።

በየትኛው መጠን ይመለስ? ይህን እሷው ትወስነዋለች። በ10 ሚሊ ግራም የቆየችባቸው ሁለት ሳምንታት እንዴት ነበሩ? ደህና ከነበረች 10 ይበቃታል፤ ወደ 20 መመለስ አያስፈልግም። እዚያም ላይ ታውካ ከነበረ ወይም አሁን ሥራ መሥራት እስኪያቅታት ድረስ ከብዷት ከሆነ በ20 ይጀምሩ። ምልክቱ ቀላል ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይመልሱ፣ ምን እንደሆነ አስረድቶ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅም ያስኬዳል። እሷ ግን አትተኛም፣ ታለቅሳለች። እኔ ብሆን አላስጠብቃትም።

መድኃኒት ከማዘዝዎ በፊት ሁለት ነገር ሳይጠይቁ እንዳይለቋት። አንደኛው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። በመቋረጥ ምልክት መሐልም ሊመጣ ይችላል፤ ድንገተኛና ለራሷም እንግዳ የሆነ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አካቲዥያ ነው፤ መቀመጥ የሚያሳጣ፣ ከውስጥ የሚያቁነጠንጥ ነገር። ወንበር ላይ ሳለች እግሯን ይመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ ካለ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይመለስ፣ በማግሥቱም ይደወልላት። የማዞሩን ነገር ደግሞ እንደማንኛውም ማዞር ይመርምሩት። የአንድ ወገን ድክመት፣ የንግግር መንተባተብ ወይም ነገር ለሁለት መታየት ካለ የመድኃኒቱ ጉዳይ አይደለም። እንቅልፍ ባይኖራትም ብርታቱ የተትረፈረፈ፣ ንግግሯም የፈጠነ ከሆነ ማኒያን ያስቡ።

አንድ ልመና አለኝ። ለእንቅልፉና ለመርበትበቱ ብለው ዳያዜፓም ወይም ዘመዶቹን አይጀምሩላት። ለጊዜው ያረጋጓታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከሁለት መድኃኒት ልናላቅቃት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እርስዎ ያደረጉት ብዙዎቻችን የተማርነውን ነው፦ ግማሽ አድርግ፣ ከዚያ አቁም። በወረቀት ላይ ሁለቱ እርምጃዎች እኩል ናቸው። ከ20 ወደ 10 አሥር ሚሊ ግራም ነው፤ ከ10 ወደ ዜሮም አሥር ሚሊ ግራም ነው። አንጎል ውስጥ ግን በጭራሽ እኩል አይደሉም።

ሲታሎፕራምና መሰሎቹ የሚሠሩት ሴሮቶኒንን መልሶ የሚያስገባውን በር በመያዝ ነው። በአንጎል ምስል የተሠሩ ጥናቶች ስንት በር እንደተያዘ ለክተዋል። 20 ሚሊ ግራም ሲታሎፕራም ከመቶ 80 ያህሉን በር ይይዛል። መጠኑን ሦስት እጥፍ አድርገው 60 ቢያደርሱት እንኳ 88 ገደማ ነው የሚደርሰው። ከላይ ያለው መጠን ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ነው። አሁን ወደ ታች ይውረዱ። 9 ሚሊ ግራም 70 በመቶ ይይዛል። 5 ተኩል ያህሉ 60 ይይዛል። 3.4 ሚሊ ግራም፣ ከተለመደው ዶዝ ስድስተኛ እጅ የሆነው ማለት ነው፣ አሁንም ግማሹን በር ይይዛል። 1.5 ሚሊ ግራም 30 በመቶ፣ 0.8 ደግሞ 20 በመቶ ይይዛል። 0.4 ሚሊ ግራም እንኳ፣ በዓይን የማትታይ ፍርፋሪ የምትመስለው፣ 10 በመቶ ያህል ትይዛለች።

ስለዚህ ታካሚዎ ከ20 ወደ 10 ስትወርድ የለቀቀችው ከመቶ አሥር እንኳ የማይሞላ ነው። ከ10 ወደ ዜሮ ስትወርድ ግን 70ውንም በአንድ እርምጃ ለቀቀች። ደረጃ እየወረደች ነበር፤ የመጀመሪያው እርከን አጭር ነበር፣ ሁለተኛው ግን ፎቅ ነው። «10 ላይ ምንም አልሆነችም፣ ስለዚህ ማቆም ትችላለች» የሚለው ግምት የሚያሳስተንም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቅነሳ መቅለሉ ስለ መጨረሻው ምንም አይናገርም።

አንጎል ለሁለት ዓመት ተኩል ከዚያ መድኃኒት ጋር ተላምዶ ኖሯል። መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ይወጣል፤ አንጎል መልሶ ለመላመድ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ምልክቱ የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። ይህ ሱስ አይደለም። ታካሚዎ መድኃኒቱን አትመኘውም፣ መጠኑንም እየጨመረች አልሄደችም። ሰውነቷ ለምዶታል ማለት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀላል ነው። ሚሊ ግራሙን ሳይሆን የተያዘውን በር በእኩል እርከን እንቀንስ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በላንሴት ሳይካያትሪ መጽሔት ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያ ተቋም ናይስም በ2022 ባወጣው የድባቴ መመሪያ ተመሳሳይ መንገድ ይመክራል፦ ሁልጊዜ ካለው መጠን ላይ በመቶኛ ቀንሱ፣ ለምሳሌ ግማሹን፤ መጠኑ ሲያንስ ደግሞ ሩቡን፤ ክኒን የማይችለው ላይ ስትደርሱ ፈሳሽ ተጠቀሙ። ሁሉም ሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል ማለት አይደለም። በ2024 የወጣ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ መድኃኒት ካቆሙ ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ምልክት እንዳየ አገኘ። ነገር ግን ባዶ ክኒን ካቆሙትም ከስድስት አንዱ ምልክት አለኝ ብሏል። ከባድ ምልክት የገጠመው ከመቶ ሦስት ሰው ገደማ ነው። ብዙ ዓመት የወሰዱ፣ ከዚህ በፊት ዶዝ ሲረሱ የታመሙ፣ ወይም እንደ እርስዎ ታካሚ አንዴ ሞክረው ያቃታቸው ሰዎች ግን የሚመደቡት ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ ነው።

ለእሷ የማወጣው ዕቅድ ይህ ነው። በ10 ሚሊ ግራም ተረጋግታለች እንበል። መጀመሪያ እዚያው ላይ አራት ሳምንት ትቆይ። ገና ከመታወክ የወጣን አንጎል ወዲያው መልሶ መቀነስ አያዋጣም። ከዚያ በኋላ ሽሮፕ እንጠቀማለን። በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም የያዘው የሲታሎፕራም ሽሮፕ ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው፤ መርፌ የሌለው የአፍ ሲሪንጅ ብቻ ይበቃል።

10 ሚሊ ግራም (5 ሚሊ ሊትር)
7 ሚሊ ግራም (3.5 ሚሊ ሊትር)
5 ሚሊ ግራም (2.5 ሚሊ ሊትር)
3.4 ሚሊ ግራም (1.7 ሚሊ ሊትር)
2.4 ሚሊ ግራም (1.2 ሚሊ ሊትር)
1.6 ሚሊ ግራም (0.8 ሚሊ ሊትር)
0.8 ሚሊ ግራም (0.4 ሚሊ ሊትር)
0.4 ሚሊ ግራም (0.2 ሚሊ ሊትር)
ከዚያ ዜሮ

እያንዳንዱ እርከን ከመቶ አሥር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ በር ነው የሚለቀው። የመጨረሻውም ጭምር። በየእርከኑ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ትቆያለች። በሁለት ሁለት ሳምንት ከሄደች በአራት ወር አካባቢ ትጨርሳለች፤ በአራት አራት ከሄደች ሰባት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ቀኑን አስቀድመው ቃል አይግቡላት። ፍጥነቱን የሚወስነው ያለፈው እርከን እንዴት እንደነበረ ነው።

ሽሮፕ ከሌለስ? ጠብታ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ይጠንቀቁ። በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም የያዘው የሲታሎፕራም ጠብታ ከክኒኑ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። አራት ጠብታ፣ ማለትም 8 ሚሊ ግራም፣ ከ10 ሚሊ ግራም ክኒን ጋር ይስተካከላል። አንድ ለአንድ ከቀየሩት ሳያውቁ ዶዝ ጨምረውላታል። በዚያ ላይ አንዷ ጠብታ ብቻዋን ከ2.5 ሚሊ ግራም ክኒን ጋር እኩል ናት፤ ለመጨረሻዎቹ እርከኖች ትልቅ ናት።

ክኒን ብቻ ካለ ግማሽና ሩብ እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ድረስ ያወርደናል። ከዚያ በታች በቢላ የሚሆን አይደለም። ያኔ ከፋርማሲስት ጋር ተነጋግሮ ተራውን ክኒን ውኃ ውስጥ መበተን ይቻላል። አንድ 10 ሚሊ ግራም ክኒን በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እስኪፈራርስ ይጠበቃል፤ በደንብ ይናጣል፤ ሳይዘቅጥ ወዲያው በሲሪንጅ ይቀዳል። አንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። የቀረው ይደፋል፤ ለነገ አይቀመጥም። አምራቹ ያጸደቀው አወሳሰድ ስላልሆነ ይህን ለታካሚዋ ይንገሯት፣ በካርዷም ላይ ይጻፉት። ሲሪንጁን እንዴት እንደምታነብ ክሊኒኩ ውስጥ ራሷ ቀድታ ታሳይዎት። 0.8ን እንደ 8 ያነበበ ሰው አይቻለሁ።

ቀን እየዘለሉ መስጠት የሚለውን አሮጌ ዘዴ ግን ይተዉት። «አንድ ቀን ውሰጂ፣ አንድ ቀን ዝለዪ» ሲባል መጠኑን በግማሽ የቀነስን ይመስለናል። ሲታሎፕራም በሁለት ቀን ውስጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ፓሮክሴቲን ደግሞ ወደ አንድ አምስተኛ። ታካሚዋ በየሁለት ቀኑ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በየሁለት ቀኑ ትንሽ መቋረጥ ይደርስባታል። ከቀነስን በየቀኑ የሚወሰደውን እንቀንስ።

ዕቅዱ የሚሰናከልበትንም ላሳይዎት። ያቺ መንገድ ስትሻገር ብልጭ ይልባት የነበረችው ታካሚዬ ተመሳሳይ ሲታሎፕራም ነበር የምትወስደው። እስከ 5 ሚሊ ግራም ድረስ ያለ ችግር ወረደች። ወደ 3.4 በወረደች በሦስተኛው ቀን ደወለች። ብልጭታው ተመልሷል፣ ሌሊቱን በቅዠት አሳልፋለች፣ ልጆቿ ላይ ጮኻለች። የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፦ «ሥራ መሄድ ትችያለሽ?» ትችላለች። «እንግዲያው ሳንነካው እዚያው ላይ ሰባት ቀን እንጠብቅ» አልኳት። በሰባተኛው ቀን ብሶባት ነበር፤ ሥራ ቀርታለች። ወደ 5 መለስናት። በሁለት ቀን ለቀቃት። እዚያ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየች። ከዚያ እርከኑን ለሁለት ከፈልነው፦ መጀመሪያ 4.2፣ ቀጥሎ 3.4። በዚህኛው ጊዜ ለሦስት ቀን ያህል ቀለል ያለ ማዞር ነበራት፣ አለፈ። በአሥራ አንድ ወር ጨረሰች። የመጨረሻዋን 0.2 ሚሊ ሊትር ስታቆም ምንም አልተሰማትም።

ከዚህ ውስጥ የሚጠቅምዎት የቀናቱ አቆጣጠር ነው። በሲታሎፕራም ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቅነሳው በተደረገ በሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይመጣል፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ የስልክ ቀጠሮውን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ያድርጉት። ወር ጠብቀው ቢጠይቋት የተፈጠረውን ረስታዋለች፣ ወይም ራሷ መድኃኒቱን ጨምራለች። ማስታወሻ ትያዝ፤ ቀን፣ መጠን፣ እንቅልፍ፣ ማዞር፣ ስሜት፣ እያንዳንዱ ከአሥር ስንት። ማስታወሻው ማገርሸትንም ያጋልጣል። የመቋረጥ ምልክት ከቅነሳው በኋላ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ማገርሸት ግን ቅነሳ በሌለበት ሳምንትም እየከበደ ይሄዳል።

ለሌሎቹ መድኃኒቶች መርሁ ያው ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉና የሲታሎፕራሙን ዝርዝር አይገልብጡላቸው። ሁለቱ በተለይ ያስቸግራሉ። ፓሮክሴቲን ራሱን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያፍናል። መጠኑ ሲቀንስ ኢንዛይሙ ይነቃል፤ መድኃኒቱም እኛ ከቀነስነው በላይ ይወርዳል። ቬንላፋክሲን ደግሞ ግማሽ ዕድሜው አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚሠራው ተረፈ ምርቱም አሥራ አንድ ሰዓት ያህል። ጠዋት የረሳ ሰው ማታ ላይ ይታወካል። ቀስ ብሎ የሚለቀው የቬንላፋክሲን ካፕሱል ተከፍቶ ውስጡ ያሉት ትንንሽ እንክብሎች ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ፈጽሞ ግን አይፈጩም። አንዳንዱ አምራች በእንክብሉ ፈንታ ጥቂት ደቃቅ ክኒኖችን ይከትበታልና መጀመሪያ ከፍተው ይዩት።

ፍሉኦክሴቲን የተለየ ነው። ተረፈ ምርቱ ከደም ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ራሱን በራሱ ይቀንሳል፤ ለብዙዎችም ይቀላል። ያ ማለት ግን ምልክት አያመጣም ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ካቆመ ከወር በኋላ ያዞረውን ሰው «ከዘገየ ማገርሸት ነው» ብለው እንዳይቸኩሉ። የቀን ፍንጩን የሚቆጥሩት ሁልጊዜ በመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ ነው። ከፓሮክሴቲን ወይም ከቬንላፋክሲን መውረድ ያቃተውን ሰው ወደ ፍሉኦክሴቲን የማዛወር ዘዴም አለ። ነገር ግን ሁለቱ ሲደራረቡ የሴሮቶኒን መመረዝ ሊመጣ ስለሚችል የአእምሮ ሐኪም አማክረው ያድርጉት።

ስለ ማገርሸትም እውነቱን እንነጋገር፤ የመቋረጥ ምልክት አለ ማለት ማገርሸት የለም ማለት አይደለም። አንትለር የተባለው የብሪታንያ ጥናት ውጤቱ በ2021 ወጥቷል። መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱና ለማቆም የሚያስቡ፣ በጠቅላላ ሐኪም የሚታዩ ሰዎችን ነበር የተከታተለው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀጠሉት 39 በመቶው፣ ካቆሙት 56 በመቶው አገረሸባቸው። እዚያ ቅነሳው በሁለት ወር ገደማ ያለቀ ስለነበር ከተቆጠረው ማገርሸት የተወሰነው የመቋረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር አለ፤ እኔም ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ቢሆንም ልዩነቱን ችላ አልልም። ድባቴ ብዙ ጊዜ ተመላልሶባት ከነበረ፣ ወይም ያለፈው ሕመሟ ራስን የማጥፋት ሙከራ ላይ አድርሷት ከነበረ፣ ማቆሙ ራሱ ይጠየቅ። አሁን ቤት ውስጥ ሐዘን ወይም ፍቺ ካለ ይቆይ። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ በድንገት አይቆምም፤ ጥቅምና ጉዳቱ ከእሷ ጋር ተመዝኖ ይወሰናል።

ካቆመች በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ቀጠሮ ይስጧት። የመቋረጡ ምልክት የሚያሰጋው መጀመሪያ ነው፤ ማገርሸቱ የሚመጣው ግን ሁላችንም ከተዘናጋን በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ነው። ባለቤቷ ወይም እህቷ የመጀመሪያ ምልክቶቿን ያውቁ። የአንዷ ስልክ አለማንሳት ነው፣ የሌላዋ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ማቃት።

ለእሷ ምን ልበላት ብለው ጠይቀዋል። እኔ ብሆን ይህን እላታለሁ፦ «ሕመሙ አልተመለሰብሽም። መድኃኒቱን በፍጥነት ስላወረድነው አንጎልሽ አልደረሰበትም። ስህተቱ ያንቺ አይደለም፤ አቋራጩን የመረጥነው እኛ ነን። ዛሬ 10 ሚሊ ግራም ትውጪያለሽ፣ ከነገ ወዲያ እደውልልሻለሁ። የሚለቅሽ ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን እናውቀዋለን። ከወር በኋላ ሽሮፕ እንጀምራለን፤ የምንወርደው አንቺ ‹አሁን ይሁን› ስትዪ ነው። ካልተመቸሽ እንመለሳለን። ዓይንሽን ስታዞሪ ብልጭ ካለብሽ ደግሞ አትፍሪ፣ ግን ቀኑን ጻፊልኝ።»